የስላይድ ካሩሰል ለማያይ አንባቢ፦ አማራጭ ጽሑፍ፣ የንባብ ቅደም ተከተልና የቀለም ንፅፅር በአንድ የሕዝብ ቆጠራ ምሳሌ

ካሩሰል በአንድ ቦታ ላይ በተራ እየተንሸራተቱ የሚታዩ ስላይዶች ስብስብ ነው። በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጾችና በማኅበራዊ ሚዲያ የምርምር ውጤትን ለማስተዋወቅ በብዛት ያገለግላል። አሠራሩም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው፤ አዘጋጁ ስላይዶቹን በፓወርፖይንት ይሠራል፣ እያንዳንዱን ስላይድ ወደ ምስል ፋይል ይቀይራል፣ ከዚያም ምስሎቹን በተራ ይጭናል። ወደ ምስል ከተቀየረ በኋላ ግን በስላይዱ ላይ የነበረው ጽሑፍ ለዐይን ብቻ ፊደል ሆኖ ይቀራል፤ ለኮምፒውተሩ የቀለም ነጥቦች ክምችት ነው። ማየት የተሳናቸው ተመራማሪዎችና ተማሪዎች የሚጠቀሙበት የስክሪን አንባቢ ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ ከዚህ ክምችት ውስጥ የሚያነበው ነገር የለም። በዚህ አሠራር የሚያነበው ከምስሉ ጋር የተያያዘውን አማራጭ ጽሑፍ፣ ማለትም በተለምዶ አልት ቴክስት የሚባለውን ብቻ ነው። አማራጭ ጽሑፍ ካልተጻፈ አንዳንዱ ሶፍትዌር «ግራፊክ» ብሎ ያልፋል፣ አንዳንዱም የፋይሉን ስም ያነባል።

ጉዳዩን በተጨባጭ ለማየት እንዲቻል ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት የታሰበ ባለ አምስት ስላይድ ካሩሰል ይወሰድ። ርእሱ በኢትዮጵያ የተካሄዱት ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች ናቸው። የመጀመሪያው ስላይድ በሰው በተጨናነቀ የገበያ ፎቶግራፍ ላይ ርእሱን በነጭ ፊደል ይይዛል። ሁለተኛው የሕዝቡን ብዛት በትልልቅ አኃዝ ያስቀምጣል፤ በ1976 ዓ.ም. ከ42 ሚሊዮን በላይ፣ በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ በ1999 ከ73 ሚሊዮን በላይ። ሦስተኛው ስላይድ በኋለኞቹ ሁለት ቆጠራዎች የከተማና የገጠር ነዋሪዎችን ድርሻ በአሞሌ ግራፍ ያሳያል። አራተኛው አጭር ማብራሪያ ነው፤ አምስተኛው ምንጭና ኪውአር ኮድ ይዟል።

በሁለተኛው ስላይድ ግርጌ በነጭ መደብ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ አንድ ማስታወሻ አለ፦ የ1976ቱ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል፣ የኋለኞቹ ግን አይጨምሩም። ይህ ማስታወሻ የሌለበት አንባቢ 42ን ከ53 ቀንሶ የአሥራ አንድ ዓመት የሕዝብ ዕድገት አገኘሁ ሊል ይችላል፤ የሚያነጻጽረው ግን አንድ ዓይነት ግዛትን አይደለም። የካሩሰሉ ተደራሽነት የሚፈተነውም በዚህች አንዲት መስመር ነው። በምሳሌው ውስጥ መስመሯ ሦስት ጊዜ ትጠፋለች፤ በንባብ ቅደም ተከተል፣ በቀለምና በአማራጭ ጽሑፍ።

የንባብ ቅደም ተከተል

በፓወርፖይንት ስላይድ ላይ የሚታይ አቀማመጥና የሚነበብ ቅደም ተከተል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዐይን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የስክሪን አንባቢው ግን ዕቃዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩበትን ንብርብር ይከተላል፤ ከሥር ያለው ቀድሞ፣ ከላይ ያለው በመጨረሻ ይነበባል። አዘጋጁ ንብርብሩን ሆን ብሎ ካላስተካከለው ቅደም ተከተሉ ዕቃዎቹ ወደ ስላይዱ የገቡበት ጊዜ ይሆናል።

በምሳሌው ሁለተኛ ስላይድ አዘጋጁ በመጀመሪያ ሦስቱን ዓመታት በሦስት የጽሑፍ ሳጥን ጻፈ፤ ቀጥሎ ሦስቱን የሕዝብ ቁጥሮች ከሥራቸው አስቀመጠ፤ ማስታወሻውን ከሌላ ስላይድ ቀድቶ አመጣው፤ ርእሱንም በመጨረሻ ጨመረ። ለዐይን ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። ሲነበብ ግን «1976፣ 1987፣ 1999፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ፣ ከ53 ሚሊዮን በላይ፣ ከ73 ሚሊዮን በላይ» ይባልና ማስታወሻው ይከተላል፤ የምን ቁጥር እንደሆነ የሚናገረው ርእስ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። አድማጩ ሦስት ዓመታትን በአእምሮው ይዞ ከሦስት ቁጥሮች ጋር ራሱ ማዛመድ ይኖርበታል፤ ማስታወሻው የትኛውን ቁጥር እንደሚመለከትም ሲሰማው አያውቅም።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው። ስላይዱን ከፍቶ አንዱን ዕቃ ከመረጡ በኋላ የ`Tab` ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን ምርጫው በየትኛው ተራ እንደሚዘዋወር መከታተል ይቻላል። ለማስተካከል `Selection Pane` ይከፈታል፤ በዊንዶውስ `Alt+F10` ይከፍተዋል። እዚህ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ንባቡ የሚጀምረው ከታች ነው፤ በዝርዝሩ ግርጌ ያለው ዕቃ መጀመሪያ ይነበባል። ዝርዝሩን እንደ ተራ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ያስተካከለ ሰው ስላይዱን ገልብጦ ያስነብባል። `Reading Order` የሚባለው ሌላው መቃን ግን ከላይ ወደ ታች ስለሚሄድ ለግራ መጋባት የሚዳርግ አይደለም። በምሳሌው የሚሻለው መፍትሔ ዓመቱንና ቁጥሩን በአንድ ሳጥን ውስጥ ማድረግና ኤርትራን የሚመለከተውን ማስታወሻ ከ1976ቱ ቁጥር ቀጥሎ ማምጣት ነው።

ስላይዱ ወደ ምስል ሲቀየር ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል እንደሚጠፋ እርግጥ ነው። ድካሙ ግን ከንቱ አይሆንም፤ ምስሉን የሚተካው አማራጭ ጽሑፍ ያው በተስተካከለው ተራ ይጻፋልና። ተራው በስላይዱ ላይ ካልተስተካከለ በአማራጭ ጽሑፉም ውስጥ የተዘበራረቀ ሆኖ ይገኛል።

ቅደም ተከተል በስላይዶች መካከልም አለ። አንባቢ እንዲያንሸራትት ለመገፋፋት ዓረፍተ ነገርን በአንድ ስላይድ ጀምሮ በሚቀጥለው መጨረስ የተለመደ ዘዴ ሆኗል። ለሚያይ ሰው ጣትን የሚስብ ብልሃት ሊሆን ይችላል። ለሚሰማ ሰው ግን በሁለቱ ግማሾች መካከል የስላይዱ ቁጥር፣ የአዝራሮች ስምና «ምስል» የሚለው ማስታወቂያ ይገባሉ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ስላይድ አማራጭ ጽሑፍ በሙሉ ሐሳብ ተጀምሮ በሙሉ ሐሳብ ማለቅ አለበት። «በስተቀኝ እንደሚታየው» ወይም «ከላይ ያለው ቀይ መስመር» የሚሉ አገላለጾችም ለሚሰማው ሰው የሚጠቁሙት ነገር የለም።

ካሩሰሉ በድረ ገጽ ላይ ሲቀመጥ ተራውን የሚገልጸው ኮድ ነው። አጽሙ ይህን ይመስላል፦

```html
<section lang="am" aria-roledescription="ካሩሰል"
         aria-label="የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች">
  <div role="group" aria-roledescription="ስላይድ"
       aria-label="ከ5 2ኛው">
    <img src="slide-2.png" alt="...">
  </div>
</section>
```

በዚህ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊረሳ የማይገባው `lang="am"` ነው። የስክሪን አንባቢው ወደ አማርኛ ድምፅ የሚዞረው በዚህ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ከሌለ የእንግሊዝኛው ድምፅ የግዕዝ ፊደላትን ሊዘላቸው ወይም ትርጉም በሌለው ድምፅ ሊያነባቸው ይችላል። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ የድምፅ ማመንጫ አማርኛን ይደግፋል፤ ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢም ይዞት ይመጣል። በዚህ በኩል ያለው ችግር የመሣሪያ እጦት ሳይሆን የአንድ ምልክት መዘንጋት ነው። በራሱ የሚንሸራተት ካሩሰል ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ አዝራር ያስፈልገዋል፤ አንባቢው ሁለተኛውን ስላይድ እየሰማ ሳለ ገጹ ወደ ሦስተኛው ሊሄድበት አይገባም።

የቀለም ንፅፅር

የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ፣ በምሕጻሩ `WCAG`፣ ንፅፅርን በቁጥር ይለካል። የእያንዳንዱ ቀለም አንጻራዊ ብርሃን ከ0 እስከ 1 ባለው መጠን ይሰላል፤ ጥቁር 0፣ ነጭ 1 ነው። ከዚያ የደማቁ ብርሃን ለደብዛዛው ይካፈላል፦

```
(L1 + 0.05) / (L2 + 0.05)
```

ነጭና ጥቁር 21 ለ 1 ይሰጣሉ፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቀለማት 1 ለ 1። በመመሪያው መካከለኛ ደረጃ ተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ለ 1 ሊኖረው ይገባል። ግራፍን ለመረዳት የሚያስፈልጉ ቅርጾችም 3 ለ 1 ይጠየቅባቸዋል።

የምሳሌው ካሩሰል በሀገራችን እጅግ የተለመዱትን ሦስት ቀለማት ይጠቀማል፤ አረንጓዴው `#078930`፣ ቢጫው `#FCDD09`፣ ቀዩ `#DA121A` ነው። በቢጫ የተጻፈው ማስታወሻ ከነጩ መደብ ጋር ያለው ንፅፅር 1.36 ለ 1 ያህል ነው። ይህም ጤናማ ዐይን ላለው ሰው እንኳ በፀሐይ ብርሃን በተያዘ ስልክ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል። መስመሯ ለሁለተኛ ጊዜ የምትጠፋው እዚህ ላይ ነው። በጥቁር ግራጫ `#333333` ብትጻፍ ንፅፅሯ ከ12 ለ 1 በላይ ይሆናል።

የሦስተኛው ስላይድ ግራፍ የበለጠ ያታልላል። የገጠሩ ድርሻ አረንጓዴ፣ የከተማው ቀይ ሆኖ በአንድ አሞሌ ውስጥ ተያይዘው ተቀምጠዋል። አረንጓዴው ከነጩ መደብ ጋር 4.54፣ ቀዩ ደግሞ 5.14 ያህል ንፅፅር አላቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከመደቡ ጋር ብቻ የለካ ሰው ሁለቱም እንዳለፉ ያያል። እርስ በርሳቸው ሲለኩ ግን ውጤቱ 1.13 ለ 1 ነው። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት ለሚቸገር ሰው፣ ወይም በጥቁርና ነጭ አትሞ ለሚያነብ፣ ከተማና ገጠር አንድ ወጥ አሞሌ ናቸው። የግራፉ ጥያቄ በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው የሚል ሆኖ ሳለ፣ ያልተለካው ያው ድንበር ነው።

ቀዩን በቢጫ መተካት በከፊል ብቻ ይረዳል። ቢጫና አረንጓዴ 3.34 ለ 1 ስለሚሰጡ ድንበሩ ይታያል፤ ቢጫው ግን ከነጩ መደብ ጋር ይዋሃዳልና የአሞሌው ጫፍ ይጠፋል። የሚሻለው ቀለማቱን ሳይለቁ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰፋ ያለ ነጭ ክፍተት መተውና «ከተማ 16%» የሚለውን በአሞሌው ላይ በቀጥታ መጻፍ ነው። መለያው በአሞሌው ላይ ከተጻፈ አንባቢው ቀለምን ከጎን ካለ መፍቻ ጋር እያስተያየ መልፋት አይኖርበትም።

የትልቅ ጽሑፍ ፈቃድ በካሩሰል ላይ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። መመሪያው ትልቅ የሚለው ከ18 ነጥብ ወይም ከ24 ፒክሰል ጀምሮ ያለውን ነው፤ ደማቅ ፊደል ሲሆን ከ14 ነጥብ ጀምሮ። ይህ ግን አንባቢው የሚያየው መጠን እንጂ አዘጋጁ በሸራው ላይ የጻፈው አይደለም። 1080 ፒክሰል ስፋት ያለው ስላይድ 360 ፒክሰል ስፋት ባለው የስልክ ገጽ ላይ ሲታይ ወደ ሲሶው ይቀንሳል። በሸራው ላይ 30 የነበረው ፊደል 10 ሆኖ ይታያል። የ3 ለ 1 ፈቃድ እንዲሠራለት በሸራው ላይ 72 ፒክሰል ሊሆን ይገባዋል። በግዕዝ ፊደል ላይ ጉዳዩ የሚብሰው ልዩነቱ በጥቃቅን ቅጥያ ስለሚወሰን ነው፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ብቻ ነው፤ ቀጭን ጭረት ደግሞ ሲያንስ ከመደቡ ጋር ይደበዝዛል። ስለዚህ ለአማርኛ ስላይድ የ3 ለ 1 ፈቃድን ከርእስ በቀር አለመጠቀም ይመረጣል። የመጀመሪያው ስላይድ ነጭ ርእስ በፎቶግራፍ ላይ ስለተጻፈ መለካት ያለበት ፎቶው ከሁሉ በላይ በሚያበራበት ቦታ ነው፤ ያ ካላለፈ ከፊደሉ ሥር ጥቁር መደብ ይገባል።

የገለጻው ቃላት

ለሁለተኛው ስላይድ ብዙ አዘጋጆች «የሕዝብ ብዛትን የሚያሳይ ምስል» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ስላይዱ ስለምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ስላይዱ የሚለውን አይናገርም። ስላይዱ ጽሑፍ ከሆነ አማራጭ ጽሑፉ ያው ጽሑፍ ነው፦

«በኢትዮጵያ በሦስት ቆጠራዎች የተመዘገበ የሕዝብ ብዛት። በ1976 ዓመተ ምሕረት ከ42 ሚሊዮን በላይ፤ ይህ ቁጥር ኤርትራን ይጨምራል። በ1987 ከ53 ሚሊዮን በላይ። በ1999 ከ73 ሚሊዮን በላይ። የኋለኞቹ ሁለቱ ኤርትራን አይጨምሩም።»

«ምስል» በሚል ቃል አልተጀመረም፤ ያንን የስክሪን አንባቢው ራሱ ይናገራል። ማስታወሻውም ከሚመለከተው ቁጥር ጎን ቆሟል። አማራጭ ጽሑፍ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሰው እንዲህ ያለው የግርጌ መስመር በመሆኑ መስመሯ ለሦስተኛ ጊዜ የምትጠፋው በአሳጣሪው እጅ ነው። መመሪያው ለአማራጭ ጽሑፍ የፊደል ብዛት ገደብ አላስቀመጠም። ሊቀነስ የሚገባው የመደቡ ቀለምና የማስዋቢያው መስመር ነው።

ግራፍ ሌላ ዓይነት ውሳኔ ይጠይቃል። «ሁለት አሞሌዎች፣ የላይኛው ክፍል ቀይ፣ የታችኛው አረንጓዴ» የሚል ገለጻ ሐሰት የለበትም፤ ሆኖም አድማጩ ከእርሱ የሚያገኘው መረጃ የለም። «የከተማ ነዋሪ ጨምሯል» የሚለው ደግሞ መደምደሚያውን ሰጥቶ ማስረጃውን ይነፍጋል፤ ለተመራማሪ ይህ አይበቃም። ሁለቱም እንዲኖሩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «የከተማና የገጠር ነዋሪዎች ድርሻ በአሞሌ ግራፍ። በ1987 ከተማ 14 በመቶ፣ ገጠር 86 በመቶ ያህል። በ1999 ከተማ 16 በመቶ፣ ገጠር 84 በመቶ ያህል።» አሞሌዎቹ አሥር ቢሆኑ ኖሮ ሁሉንም በአማራጭ ጽሑፍ መደርደር አድማጩን ያሰለቻል፤ በአማራጭ ጽሑፍ ውስጥ ወደ ኋላ ተመልሶ አንዱን ቁጥር ብቻ መፈለግ አስቸጋሪ ነውና። ያኔ ፍሬ ነገሩ በአማራጭ ጽሑፉ ይቀርብና ሙሉው ሰንጠረዥ ከካሩሰሉ በታች በተራ ጽሑፍ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ስላይድ የገበያ ፎቶ ግን ከርእሱ ሌላ ምንም መረጃ ስለማይጨምር፣ ርእሱን ብቻ መጻፍ በቂ ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ ብቻ የሚያጋጥሙ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው የቆየ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት የተሠሩ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። በእነርሱ የተጻፈ አሮጌ ስላይድ በስክሪን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ወደ አማራጭ ጽሑፍ ሲቀዳ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ይሆናል። ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ኒያላ በመቀየር መለየት ይቻላል፤ አማርኛው ከጠፋ እንደገና ከመተየብ ወይም በመቀየሪያ ከማሳለፍ ሌላ መንገድ የለም።

ሥርዓተ ነጥብም ዋጋ አለው። በ«።» ፈንታ ሁለት ጊዜ የተተየበ የላቲን ኮለን ለዐይን አራት ነጥብ ይመስላል፤ ድምፅ ማመንጫው ግን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ መሆኑን ላያውቅ ይችላል፤ በቁጥሮች መካከል ማረፊያ ሲጠፋ የአንዱ ዓመት ቁጥር ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። «ዓ.ም.» ተብሎ ያጠረውን «ዓመተ ምሕረት» ብሎ መዘርዘር፣ የግዕዝ አኃዝንም በተለመደው አኃዝ መተካት ይመከራል። የማይፈታ ችግርም አለ። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይምና «አለ» ተናገረ ማለት ይሁን ኖረ ማለት፣ «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ጊዜ፣ ድምፅ ማመንጫው ከፊደሉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ጸሓፊው ማድረግ የሚችለው «ልዩነት አለ» በማለት ፈንታ «ልዩነት ይታያል» ብሎ መጻፍ ነው።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ የሚያይ አዘጋጅም ውጤቱን ሊፈትሽ ይችላል። በኤንቪዲኤ ምናሌ ከ`Tools` ሥር `Speech Viewer` ሲከፈት የሚነገረው ሁሉ በጽሑፍ ይወጣል። ስላይዶቹን ሳያዩ ያንን ጽሑፍ ብቻ ለአንድ ባልደረባ አንብቦ፣ የ1976ቱን ቁጥር ከ1987ቱ ጋር ማነጻጸር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ነው። ባልደረባው ቁጥሮቹን ያለ አንዳች ማመንታት ከቀነሳቸው ማስታወሻዋ አልደረሰችውም ማለት ነው። በዚያው ፍተሻ ላይ አምስተኛው ስላይድም ይጋለጣል። ኪውአር ኮዱ በአማራጭ ጽሑፍ ውስጥ «ኪውአር ኮድ» ተብሎ ቢጠራም የሚያደርሰው ቦታ የለም፤ በስልኩ ካሩሰሉን የሚያዳምጥ ሰው በዚያው ስልክ ካሜራ ኮዱን ማንሳት አይችልም፤ ለሚያይም ቢሆን እንዲሁ ነው። አድራሻው ከካሩሰሉ በታች ሊጫን በሚችል ጽሑፍ መቀመጥ ይኖርበታል።